አገጭ ላይ የሚያርፍ ፀጉር የት ይቆረጣል?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፊት ለፊት ከመጣሁ ሐሳቤን እንዳያስቀይሩኝ ፈርቼ ነው የጻፍኩልዎ። እንደሚያውቁት ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ፀጉሬን ከጫፉ በቀር አስነክቼ አላውቅም፤ በፔይስትራ ሲሠራ የጀርባዬን ግማሽ ያልፋል። አሁን በቃኝ። ልጄ ስምንት ወር ሆናታል፤ ፀጉሬን ከያዘች አትለቅም። የእሑድ ግማሽ ቀኔም ካስክ ውስጥ ያልቃል። እስከ አገጬ አጥሮ፣ ፔይስትራውም ቀርቶ፣ የራሴ ጥቅልል ፀጉር እንዲሆን ነው የምፈልገው። ከወለድኩ ወዲህ ስለሚረግፍ ደግሞ ቢቆረጥ ይጠነክር ይሆናል ብያለሁ። እናቴ ስነግራት አለቀሰች። በአንድ ቀን ቆርጠው ይገላግሉኛል?»

እቆርጥልሻለሁ፤ ሐሳብሽንም አላስቀይርሽም። አሥራ ምናምን ዓመት ያሳደገችውን ፀጉር ቁረጪልኝ ብላ በጽሑፍ የላከች ሴት አስባበታለች። እኔን ያሳሰበኝ «እስከ አገጬ» ያልሽው ነገር ነው። ፀጉርሽን ሁልጊዜ የምታይው በፔይስትራ ተዘርግቶ ስለሆነ አገጭሽ ጋ ስትይ በሐሳብሽ የምትቆርጪው የተዘረጋውን ነው። የምትፈልጊው ግን ተጠቅልሎ አገጭ ላይ እንዲያርፍ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ቦታ አይቆረጡም።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ልጅ ልክ እንዳንቺ ብላ መጣች። ፎን አድርጌ፣ በፔይስትራ አለስልሼ፣ አገጯ ላይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩላት። መስታወት ፊት አብረን ተደሰትን። በሳምንቱ ሻሽ ጠምጥማ መጣችና ምንም ሳትናገር ሻሹን ፈታችው። ታጥባው ነበር። የፊተኛው ፀጉሯ ጉንጯ አጥንት ላይ ወጥቷል፣ አናቷ ላይ ያለው ደግሞ ቆሟል። መቀሴ አልሳተም፤ የሳትኩት እኔ ነኝ። የቆረጥኩት ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚኖር ፀጉር ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፀጉር ሲሞቅና ሲዘረጋ ውስጡ ያሉት ደካማ ማያያዣዎች ተላቀው በአዲሱ ቅርጽ እንደገና ይያያዛሉ። ውኃ ሲነካቸው ይላቀቁና ጥቅሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። በክረምት ጉም ውስጥ ገብተሽ ስትወጪ ፔይስትራሽ የሚነሣብሽም በዚሁ ነው። ሲመለስ ርዝመቱ የሚሰበሰበው መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። የብዙዎቻችን ወደ ግማሽ ይገባል፤ በጣም ከርዳዳ የሆነው ከግማሽም ያንሳል። ያላሰብሽው ነገር ደግሞ በአንድ ሴት ጭንቅላት ላይ እንኳ አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜ የፊቱ ላላ ይላል፣ የአናቱ ጥብቅ ይላል፣ የማጅራቱ ደግሞ የራሱ ፀባይ አለው።

ስለዚህ ከመምጣትሽ በፊት ቤትሽ ውስጥ የምትሠሪው ሥራ አለ። ፀጉርሽን በሻምፖ ታጠቢ፤ ቅቤም ሆነ ቅባት አትንኪው፣ ኮንዲሽነሩንም በደንብ አለቅልቂው። ሳታስሪው በራሱ እስኪደርቅ ጠብቂ። ከዚያ ሦስት ቀጫጭን ዘለላ ምረጪ፤ አንዱ ከጆሮሽ ፊት፣ አንዱ ከአናትሽ፣ አንዱ ከማጅራትሽ። እያንዳንዱን ጎትተሽ ቀጥ ካደረግሽ በኋላ ከራስ ቆዳሽ 10 ሳንቲ ሜትር ለክተሽ እዚያ ላይ ቀለም ያለው ክር እሰሪበት። ዘለላውን ልቀቂውና ክሩ ከቆዳሽ ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ እንደቆመ ለኪ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ክሩን ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ እሰሪ ያልኩሽ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ባንቺው ጥያቄ መጥታ ነበር፤ የእሷን ሒሳብ ላሳይሽ። የፊቱ ክር 6 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመ፣ የአናቱ 4 ላይ፣ የማጅራቱ 5 ላይ። ከጆሮዋ ፊት ካለው የፀጉር መብቀያ እስከ አገጯ መስመር ስለካ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የፊቷ ፀጉር ከ10 ውስጥ 6 ብቻ ስለሚቀረው፣ ተጠቅልሎ 15 እንዲሆን ሲዘረጋ 25 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ይህ ማለት በፔይስትራ ብትሠራው አገጯን አልፎ አሥር ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ወደ ትከሻዋ ይጠጋል። አየሽ፣ «አገጭ ላይ ቁረጪልኝ» ያለችኝን ብሰማት ኖሮ 15 ላይ እቆርጠውና 9 ሆኖ ጉንጯ ላይ ይቀር ነበር።

የአናቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አናቷ ላይ ተጠቅልሎ 12 ሳንቲ ሜትር እንዲሆንላት ፈለገች፤ ከዚያ ካጠረ ይቆማል፣ ከዚያ ከረዘመ ከፀጉሩ ክብደት የተነሣ አናቱ ተኝቶ ጎንና ጎኑ ይነፋና ራሷ ድንኳን ይመስላል። ለ12 ሲዘረጋ 30 መተው ነበረብን። ማጅራቷ ላይ ግን 8 በቂ ስለሆነ 16 ተወልን። እንግዲህ በአንድ ጭንቅላት ላይ 25፣ 30 እና 16 ሆነ ማለት ነው። በፔይስትራ አንድ ልክ የቆረጠ ሰው ይህን ቅርጽ በምንም ዕድል አያገኘውም።

አሁን ወደ ክሩ ልመለስ። ባንቺ ፀጉር ላይ ከርዝመቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ የእሳቱ ነገር ነው። ውኃ የሚመልሰው ደካማውን ማያያዣ ብቻ ነው። ፔይስትራው 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በየሳምንቱ በዚያው ቦታ ላይ ሲመላለስ ግን የፀጉሩ ዋና ሥጋ ራሱ ይለወጣል። ያ አይመለስም። ከራስ ቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት ስለሌለው ራሱን አይጠግንም፤ ትሪትመንትም ቢያለሰልሰውና ቢያሳምረው እንጂ ጥቅሉን አይመልሰውም። የሚመልስልሽ ሰው አለ ከተባልሽ ገንዘብሽን ቦርሳሽ ውስጥ አቆዪው። ስለዚህ አብዛኛዋ የፔይስትራ ደንበኛ በአንድ ዘለላ ላይ ሁለት ፀጉር ይዛ ነው የምትኖረው፤ ከሥሩ ጥቅልል፣ ከጫፉ ሉጫ። ሉጫው ዞማ አይደለም፤ ሲነኩት ደረቅ ነው፣ ሲረጥብም እንደ ክር ይንጠለጠላል። ክሩን ጫፉ ላይ ብታስሪው የምትለኪው የተቃጠለውን ስለሆነ ሒሳቡ ይሳሳትብሻል።

ይህንንም ታጥበሽ ሳለ እይው። ገና ሲረጥብ መስታወት ፊት ቁሚና ሦስቱን ዘለላዎች አንድ በአንድ ያዣቸው። ጥቅሉ የሚያቆምበት፣ ቀጥ ማለት የሚጀምርበት ቦታ ለዐይን ይታያል። ጎትተሽ ከሥሩ እስከዚያ ያለውን ለኪ። የባንኳ ደንበኛዬ ፊቷ ላይ 14፣ አናቷ ላይ 22፣ ማጅራቷ ላይ 26 ሳንቲ ሜትር ጤናማ ፀጉር ነበራት። የፊቱ ለምን እንዲህ እንደተጎዳ መገመት አያቅትሽም። ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ ፔይስትራውን አንዴ የምናስነካው እሱን ነውና።

እንግዲህ አስተያይው። ማጅራቷ 16 ይፈልጋል፣ 26 አለው፤ እዚያ ጉዳዩ በዚያው ቀን አለቀ። አናቷ 30 ይፈልጋል፣ ያለው 22 ነው፤ 8 ይጎድላል። ፊቷ 25 ይፈልጋል፣ ያለው 14 ነው፤ 11 ይጎድላል። ፀጉር በወር ከ1 ሳንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ነው የሚያድገው፣ 1.2 ብለን እንያዘው። የፊቷ ጉድለት ዘጠኝ፣ አሥር ወር ይጠይቃል ማለት ነው። ያኔ ሁለት መንገድ አስቀመጥኩላት።

አንደኛው፣ በዚያው ቀን የተቃጠለውን በሙሉ ማንሣት። ፊቷ 14 ሲቀር ተጠቅልሎ 8 ገደማ ይሆናል፤ አናቷም ከሱ ጋር ሊስማማ ይቀነሳል። ይህ አገጭ ላይ የሚያርፍ ፀጉር አይደለም፤ ያማረ፣ የተስተካከለ ጎፈሬ ነው። ሁለተኛው፣ 25፣ 30 እና 16 አድርጎ ቆርጦ ሉጫውን ጫፍ ለጊዜው መታገሥ። በየሁለት ወሩ ትመጣለች፣ በሁለት ወር ውስጥ ያደገውን ያህል፣ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ከጫፉ አነሣላታለሁ። ርዝመቱ ባለበት ይቆያል፤ ሉጫው ግን ከታች እያለቀ ይሄዳል። ሁለተኛውን መረጠች፣ በአምስተኛው ቁርጥ አለቀ።

ግን ዋጋውን ልንገርሽ። ጥቅሉና ሉጫው የሚገናኙበት ቦታ ደካማ ነው፤ ፀጉሩ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። በደረቁ ማበጠሪያ ከነካሽው ትራስሽ ላይ አጫጭር ቁራጭ ታገኛለሽ። ሥር ያለው ነጭ ነጠብጣብ ካለበት ከሥሩ የረገፈ ነው፤ ከሌለበትና ቁመቱ አጭር ከሆነ መሐል ላይ ተበጥሷል ማለት ነው። ስለዚህ የሚበጠረው ረጥቦ፣ ኮንዲሽነር ተቀብቶ፣ መጀመሪያ በጣት፣ ከጫፍ ወደ ሥር እየተሄደ ነው። ጫፉ ሉጫ ሆኖ እንዳያስቀይም ደግሞ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ዘለላ ጠምዝዞ፣ የፊቱን ጫፍ በቢጎዲን ጠቅልሎ ማደር ይኖራል። ሹሩባም ይሆናል፣ ሳይጠብቅ ከተሠራ።

እኔን ብትጠይቂኝ፣ የስምንት ወር ልጅ ታቅፈሽ ያንን በየማታው መጠምዘዝ አልመኝልሽም። የፊትሽ ጤናማ ፀጉር 18 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛውን መንገድ እንሂድ፤ ጥቂት ወር ነው፣ ትችይዋለሽ። ከዚያ ካነሰ ግን በጎፈሬው ጨርሰሽ ወደ አገጭሽ ብታሳድጊው ይሻልሻል። ሉጫው እስኪያልቅ ከመጠበቅ አጭሩ እስኪያድግ መጠበቅ ይቀላል፤ በዚያ መሐል ያለው እያንዳንዱ ቀን ያንቺው ፀጉር ነውና። ደንበኞቼ ሁሉ በዚህ አይስማሙም፤ አጭር መሆኑን ለመልመድ ጊዜ የሚፈልጉ አሉ። አንቺ ምን ዓይነት እንደሆንሽ አንቺ ታውቂዋለሽ።

በአንድ ቀን ይለቅ ላልሽው፣ አዎ፣ ግን በአንድ ቁርጥ አይደለም። በስልክ የምታያቸው ቪዲዮዎች ላይ ፀጉሩን ኋላ ላይ አንድ ላይ ያስሩና ከመታሰሪያው በላይ በመቀስ ይበጥሱታል። ለማየት ያስደስታል። ነገር ግን ከግንባር የተነሣው ፀጉር መታሰሪያው ጋ ለመድረስ ጭንቅላትሽን በሙሉ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ የማጅራቱ ደግሞ እዚያው ጎኑ ነው የበቀለው። ሲቆረጥ የፊቱ ረጅም፣ የኋላው ችምችም ያለ አጭር ሆኖ ይቀራል። የኋላው ያለ ልክ ካጠረ ደግሞ ለማስተካከል ሌላውን ሁሉ እሱ ጋ ማውረድ ነው፤ ሌላ መላ የለም።

እኔ ስምንት ቦታ ከፍዬ እጎነጉነዋለሁ። እያንዳንዱን ጉንጉን ከሥሩና ከጫፉ አስሬ፣ ካሰብነው ልክ 5 ሳንቲ ሜትር አስረዝሜ እቆርጣለሁ። ያ ትርፍ የሚያስፈልገው ክብደቱ ሲወርድለት ጥቅሉ ቀድሞ ከለካነው በላይ ሊሰበሰብ ስለሚችል ነው። የጀርባሽን ግማሽ የሚያልፍ ፀጉር ዓመታት ሙሉ ሥሩን ወደ ታች ሲጎትተው ነው የኖረው። ከዚያ እናጥበዋለን፣ ካስክ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ትቀመጫለሽ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ሻይ ትጠጫለሽ፣ ከመስታወቱም ጋ ትተዋወቂያለሽ። ቅርጹን የማወጣው ከደረቀ በኋላ፣ ዘለላ በዘለላ፣ ባረፈበት ቦታ ነው። እርጥብ ጥቅልል ፀጉር ስለሚረዝም እርጥቡን የቆረጠ ሰው ሁልጊዜ ከፈለገው ያሳጥራል።

አንድ ነገር አሁኑኑ ወስኚ። ይህ ቁርጥ ከተቆረጠ በኋላ ለሠርግ ወይም ለበዓል አንድ ቀን በፔይስትራ ልሠራው ብትዪ ቅርጹ ያስደነግጥሻል፤ 25፣ 30፣ 16 ሲዘረጋ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል እንጂ አንድ መስመር አይሆንም። ሰው «ማን ነው የጨፈጨፈሽ?» ይልሻል፣ ስሜም በከንቱ ይነሣል። ፔይስትራውን በየጊዜው መመለስ የምትፈልጊ ከሆነ ንገሪኝ፣ ሌላ ቁርጥ እናስባለን። የጊዜውም ነገር እንዳይሸውድሽ። የእሑድ ግማሽ ቀንሽን ታገኚዋለሽ፤ ግን አጭር ጥቅልል ፀጉር ታስሮ አይወጣም፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ ረጭቶ፣ ትንሽ ቅባት አድርጎ በጣት ማንሣት ይፈልጋል። አሥር ደቂቃ ነው፣ በየቀኑ ግን ነው። ማጅራቱም በሁለት ወር ውስጥ ቅርጹን ያጣል።

ስለ መርገፉ፣ መቁረጥ አያጠነክረውም። ፀጉር የሚያድገው ከቆዳ ሥር ነው፤ መቀስ ጫፉ ላይ የሚሠራውን ሥሩ አያውቀውም። ከወለዱ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ብዙ መርገፍ የተለመደ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ሁሉ አንድ ላይ ስለሚወርድ ነው፣ ልጁ ዓመት ሲሞላው አካባቢም ብዙውን ጊዜ ይረጋጋል። ከዚያ አልፎ ከቀጠለ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ክብ ሆኖ ከሳሳ፣ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ እንጂ ወደ እኔ አትምጪ። አሁን ግንባርሽ ላይ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነ አዲስ ፀጉር ብቅ ብሎ ይሆናል። ፔይስትራ ላይ እንደ እሾህ ይቆማል፤ በጥቅልሉ ውስጥ ግን ማንም አያየውም።

እናትሽን አትቆጫት። በእኛ ዘንድ ሴት ፀጉሯን ስትቆረጥ የሚታወቀው በሐዘን ነው፤ እሷ ባደገችበት ዘመን ረጅም ፀጉር የነበራት ሴት በድንገት አጥራ ከታየች «ማን ሞተባት?» ነው የሚባለው። ስለ ፋሽን ብታስረጃት አይገባትም። ጋሜና ቁንጮ የሚላጭበት አገር ልጅ ነሽ በያት፤ ምናልባት ትሥቅ ይሆናል። ስምንቱን ጉንጉን ግን እንደታሰሩ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልዬ እሰጥሻለሁ፣ የሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ከዚህ በፊት ሁለት እናቶች እንዲህ ዝም ብለዋል።

ቅዳሜ አትምጪ፤ ሙሽሮች አሉብኝ፣ ይህ ሥራ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ረቡዕ ጠዋት ልጅሽን ለእናትሽ ትተሽ ነይ። ፀጉርሽ የታጠበ፣ ያልተቀባ፣ ያልታሰረ ይሁን፤ ታስሮ ከመጣ የእስሩ ምልክት ጥቅሉን ያበላሽብኛል። ሁልጊዜ ለሥራ የምትለብሺውን ዓይነት ልብስ ልበሺ፣ ኮሌታሽ ጋ የሚደርሰውን እንድናይ። ከዚያ በፊት ግን ክሮቹ የቆሙበትን ሦስቱን ቁጥርና ሉጫው የሚጀምርበትን ሦስቱን ላኪልኝ። በተለይ የፊቱን ሁለቴ ለኪው።